ፕሮፔለር መጨረሻ ይገጠማል፦ ለሮቦቲክስ ክበብ የድሮን ቅድመ በረራ ፍተሻ

ይህ መመሪያ የክበብ አባላት ራሳቸው ለሚገጣጥሙት ትንሽ ባለ አራት ሞተር ድሮን የተዘጋጀ ነው። በምሳሌነት የወሰድኩት አምስት ኢንች ፕሮፔለር፣ ባለ አራት ሴል ሊፖ ባትሪ እና ቤታፍላይት የተባለው ሶፍትዌር የተጫነበት ፍላይት ኮንትሮለር፣ ማለትም ሞተሮቹን የሚያዝ ቦርድ፣ ያለውን ነው። የእናንተ ድሮን በመጠን ወይም በሶፍትዌር ቢለይ አንዳንድ ቁጥሮችና በስክሪን ላይ የሚነበቡ ስሞች ይለወጣሉ፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይለወጥም።

ቅደም ተከተሉ ላይ አጥብቄ የምቆመው በምክንያት ነው። ብዙ የፍተሻ ዝርዝሮች በዕቃ የተከፋፈሉ ናቸው፤ መጀመሪያ አካሉ፣ ቀጥሎ ሞተሩ፣ ከዚያ ፕሮፔለሩ፣ ከዚያ ባትሪው እያሉ ይሄዳሉ። በዚህ መንገድ የሄደ ተማሪ ሪሞቱን ወይም የሞተር አዟዟሩን ለማየት ባትሪ ሲሰካ ፕሮፔለሩ አስቀድሞ ተገጥሟል። ጣት የሚቆረጠው በአብዛኛው በዚህ ጊዜ ነው፤ ሜዳ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ፣ ድሮኑ «ገና አልተነሳም» ተብሎ ሲታሰብ። ስለዚህ ፍተሻውን በሦስት ምዕራፍ እንከፍለዋለን። በመጀመሪያው ባትሪም ፕሮፔለርም የለም። በሁለተኛው ባትሪ አለ፣ ፕሮፔለር የለም። ሁለቱ አብረው የሚገኙት በሦስተኛው ምዕራፍ፣ በመብረሪያው ሜዳ ላይ ብቻ ነው።

ማን ያነባል፣ ማን ይነካል

ፍተሻው የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ዝርዝሩን ይዞ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው ዕቃውን ይነካል፣ ያያል፣ ይመልሳል። የሚመልሰው ግን «እሺ» ወይም «ደህና ነው» ብሎ መሆን የለበትም። ያየውን ነው መናገር ያለበት።

«ሁለተኛ ሴል?»
«4.18»
«የሞተር ሦስት ዳዶ?»
«ጠብቋል፤ ጥርሱ ከዳዶው በላይ ይታያል።»

«እሺ» የሚለውን መልስ ሳያዩም መስጠት ይቻላል። 4.18 ለማለት ግን መለኪያውን ማየት ግድ ነው። አንባቢው መልሱ ቁጥር ወይም የታየ ነገር ካልሆነ ያንኑ ጥያቄ ይድገመው። በመሃል ሰው መጥቶ ወሬ ካስጀመረ ወይም ስልክ ከጠራ የት እንደደረሳችሁ ለማስታወስ አትሞክሩ፤ ከምዕራፉ መጀመሪያ ጀምሩ። እያንዳንዱ ምዕራፍ ከጥቂት ደቂቃ በላይ ስለማይፈጅ ብዙ አትከስሩም።

ምዕራፍ አንድ፦ ባትሪም ፕሮፔለርም ሳይኖር

ድሮኑን ጥሩ ብርሃን ባለበት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። አራቱን ክንዶች አንድ በአንድ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ጠምዝዙ። ክንዱ ከመሃሉ አካል ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ መላወስ ካለ ብሎኑ ላልቷል ማለት ነው። የካርቦን ፋይበር ክንድ ሲጎዳ ሁልጊዜ አይሰበርም፤ ጫፉ ላይ እንደ መጽሐፍ ገጽ እየተላቀቀ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጠርዙን በጥፍር እየዳበሳችሁ እለፉ። ክንዱ ፕላስቲክ ከሆነ ነጭ የጭረት መስመር ፈልጉ፤ ፕላስቲክ ከመሰበሩ በፊት የታጠፈበት ቦታ ይነጣል።

ከዚያ ሞተሮቹን አንድ በአንድ በጣት አዙሩ። ጤነኛ ሞተር ሲዞር በማግኔቶቹ ምክንያት ትንሽ ትንሽ ይነጥቃል፤ ንጥቂያው ግን እኩል ነው። አንድ ቦታ ላይ የሚያሻሽ ድምፅ ከሰማችሁ አሸዋ ገብቶበት ወይም ኩሽኔታው ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ጭራሽ ከባድ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ሞተሩን ከክንዱ ጋር የሚያስሩትን ብሎኖች ተመልከቱ። ከሚገባው በላይ የረዘመ ብሎን ከሥር ገብቶ የመዳብ ጥቅሉን ይነካል፤ ጥቅሉን የሸፈነውን ቫርኒሽ ሲፍቀው ሞተሩም የፍጥነት መቆጣጠሪያውም አብረው ይቃጠላሉ። ክንድ ወይም ሞተር በተቀየረ ቁጥር ይህን ሳታዩ አትለፉ፤ ቀጭን ክንድ በወፍራም ሲተካ ወይም በተቃራኒው የሚያስፈልገው የብሎን ርዝመትም ይለወጣልና።

ወደ ሽቦዎቹ ስትመጡ ወፍራሞቹን የባትሪ ሽቦዎች ቀስ ብላችሁ ሳብ አድርጉ። ስታኞው የሚያብረቀርቅና ወደ ሽቦው የተሳበ ከሆነ ጥሩ ነው። ደብዝዞ እንደ ጠብታ የተንጠለጠለ ብየዳ ግን በንዝረት ይላቀቃል። የትኛውም ሽቦ ወይም የአንቴና ጫፍ ፕሮፔለሩ ወደሚዞርበት ክልል መድረስ የለበትም።

ድሮኑ ካለፈው በረራ በኋላ ወድቆ ወይም ተጠግኖ ከሆነ አንድ ተጨማሪ እርምጃ አለ። መልቲሜትሩን ሾርት ሲያገኝ በሚጮህበት መደብ ላይ አድርጉና ሁለቱን ጫፎች የድሮኑ የባትሪ ሶኬት ላይ አሳርፉ። አጭር ጩኸት ተሰምቶ ቢቆም ችግር የለውም፤ ካፓሲተሩ እየሞላ ነው። ሳያቋርጥ ከጮኸ ግን ሾርት አለና ባትሪ አይሰካም።

ባትሪው ለብቻው

ባትሪ የምዕራፍ አንድ አካል ቢሆንም ለብቻው ማየት ይገባዋል፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው እሱ ነው። መጀመሪያ በዓይንና በእጅ እዩት። ያበጠ፣ የተጎደጎደ፣ የተቀደደ ወይም ጣፋጭ የኬሚካል ሽታ ያለው ሊፖ አይበርም፣ ቻርጅም አይደረግም። ከሌሎቹ ተለይቶ ከሚቀጣጠል ነገር ርቆ ይቀመጥና ለክበቡ ኃላፊ ይነገር።

ከዚያ የሴል መለኪያውን በትንሿ ነጭ ሶኬት ላይ ሰክታችሁ አራቱንም ሴሎች አንብቡ። የሞላ ሊፖ ሴል 4.20 ቮልት ነው። ጠቅላላውን ብቻ አንብባችሁ አትለፉ። ለምን እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ላሳይ።

አንድ ባትሪ ከቻርጅ ወጥቶ እንዲህ ተነበበ እንበል፦ 4.19፣ 4.20፣ 4.19፣ 4.05። ድምሩ 16.63 ቮልት ነው። ሙሉ ባትሪ 16.80 ስለሆነ፣ ድምሩን ብቻ ያየ ሰው «ትንሽ ጎድሏል እንጂ ሞልቷል» ብሎ ያስነሳዋል። ጥቂት አንዣብቦ ሲያርፍ ሴሎቹ 3.93፣ 3.94፣ 3.92 እና 3.61 ሆነው ተገኙ። ድምሩ 15.40፣ አማካዩ 3.85 ነው፤ አሁንም ከሩቅ ሲያዩት ምንም ችግር የሌለበት ይመስላል። የድሮኑ ማስጠንቀቂያ የተሞላው በ14.0 ቮልት ነው፤ ለእያንዳንዱ ሴል 3.5 ማለት ነው። ነገር ግን ሦስቱ ጤነኛ ሴሎች 3.70 ላይ ሆነው ማስጠንቀቂያው በሚጮህበት ቅጽበት አራተኛው 2.90 ላይ ወርዷል። ሊፖ ከ3.0 በታች ሲወርድ ይጎዳል፤ በዚያ ላይ አብራሪው ጋዝ ሲጨምር የደከመ ሴል ቮልቱ በድንገት ይዘቅጣል፤ ድሮኑም ማስጠንቀቂያውን ጠብቆ ለሚያበር ልጅ ጊዜ ሳይሰጥ ይወርዳል።

ስለዚህ በክበባችሁ ይህን ደንብ ያዙ። ሙሉ ሆኖ በሴሎቹ መካከል ያለው ልዩነት እስከ 0.03 ቮልት ከሆነ ይብረር። ከዚያ ከበለጠ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ቻርጅ ሲደረግ ነጩ ሶኬት ተሰክቶ ነበር?» ብላችሁ ነው። ካልተሰካ ቻርጀሩ ሴሎቹን ማመጣጠን አይችልምና በማመጣጠኛው መደብ እንደገና ቻርጅ አድርጉት። እንዲያም ተደርጎ ያው ሴል ወደኋላ ከቀረ ባትሪው ደክሟል፤ ከበረራ ይውጣ። የትኛው ሴል እንደሆነ እንድታውቁ እያንዳንዱ ባትሪ ቁጥር ተጽፎበት የሴሎቹ ንባብ በደብተር ላይ ቢሰፍር፣ ድካሙ ከመባባሱ በፊት ከቁጥሮቹ ይታያል።

ምዕራፍ ሁለት፦ ባትሪ አለ፣ ፕሮፔለር የለም

ክበቡ ብዙ ድሮን በአንድ ሪሞት የሚያበር ከሆነ በስክሪኑ ላይ የተመረጠውን የሞዴል ስም አንባቢው ጮክ ብሎ ያንብበው። የሌላ ድሮን ሞዴል ተመርጦ ከሆነ ሞተሮቹን ለመዞር የሚያነቃው የአርም ማብሪያ ሌላ ቦታ ላይ ሊሆን ይችላል። የጋዝ ስቲኩ ታች፣ የአርም ማብሪያው ጠፍቶ መሆኑን አይታችሁ መጀመሪያ ሪሞቱን አብሩ፤ ቀጥሎ የድሮኑን ባትሪ ስኩ። ስታጠፉ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ድሮኑ መጀመሪያ፣ ሪሞቱ መጨረሻ። ባትሪው ሲሰካ አራቱ ሞተሮች የመነሻ ድምፃቸውን አብረው ያሰማሉ። ለብቻው የቀረ ወይም ዝም ያለ ካለ የዚያ ሞተር መቆጣጠሪያ ወይም ሽቦው ይታይ።

ድሮኑን በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር አገናኙና ቤታፍላይት ላይ ሦስት ነገር እዩ።

1. በ Setup ገጽ ድሮኑን በእጅ ወደ ፊት ዝቅ አድርጉት፤ በስክሪኑ ላይ ያለው ሥዕልም ወደ ፊት ዝቅ ማለት አለበት። ወደ ቀኝ ስታጋድሉት ወደ ቀኝ። ሥዕሉ ወደ ሌላ ጎን ከሄደ ቦርዱ ዞሮ ተገጥሟል፤ ይህ ሳይስተካከል የሚነሳ ድሮን ወዲያው ይገለበጣል።

2. በ Receiver ገጽ ስቲኮቹን አንድ በአንድ አንቀሳቅሱ፤ ትክክለኛው አሞሌ በትክክለኛው አቅጣጫ ይሂድ። አሁን ሪሞቱን አጥፉና አሞሌዎቹን ተመልከቱ። አንዳንድ ሪሲቨር ምልክት ሲጠፋበት የመጨረሻውን ትእዛዝ እንደያዘ ይቀራል። ጋዝ ተሰጥቶ ሳለ ሪሞት ቢጠፋ ጋዙ እንዳለ ይቆያል ማለት ነው፤ ድሮኑ በዚያው ጋዝ ወደማይታወቅ ቦታ ይሄዳል። ሪሲቨሩ ምልክት መጥፋቱን ለፍላይት ኮንትሮለሩ እስኪያሳውቅ ድረስ ቅንብሩን ሳታስተካክሉ አትቀጥሉ።

3. በ Motors ገጽ ሞተሮቹን አንድ በአንድ በዝቅተኛ ፍጥነት አዙሩ። በቤታፍላይት የተለመደው አደራደር አንድ ቁጥር ኋላ ቀኝ፣ ሁለት ፊት ቀኝ፣ ሦስት ኋላ ግራ፣ አራት ፊት ግራ ነው። ቅንብሩ ካልተቀየረ ከላይ ሲታዩ አንድና አራት በሰዓት አቅጣጫ፣ ሁለትና ሦስት በተቃራኒው ይዞራሉ። አቅጣጫውን በዓይን መለየት ስለሚያስቸግር ቀጭን የወረቀት ቁራጭ ያዙና ጫፉን የሚዞረውን የሞተር ጎን አስነኩት፤ ወረቀቱ ወደየት እንደተገፋ ታያላችሁ። ያየነውን ወደ ደብተሩ እንጽፍ፤ ፕሮፔለር ስንገጥም ያስፈልገናል።

ድሮኑ አርም አልሆን ብሎ ካስቸገረ መገመት አያስፈልግም። በ CLI ገጽ ይህን ጻፉ፦

```
status
```

ከሚመጣው መልስ መጨረሻ አካባቢ እንዲህ ያለ መስመር አለ፦

```
Arming disable flags: THROTTLE CLI MSP
```

CLI እና MSP ከኮምፒውተር ጋር በመገናኘታችሁ የመጡ ናቸውና ተዉአቸው። THROTTLE ማለት የጋዝ ስቲኩ ታች አልደረሰም ማለት ነው። RXLOSS ካለ ሪሲቨሩ ከሪሞቱ ምንም አያገኝም። ANGLE ከሆነ ድሮኑ የተቀመጠው አጋድሎ ነው።

የዚህ ምዕራፍ የመጨረሻ ሥራ የምልክት መጥፋት ፈተና ነው። ዩኤስቢውን ንቀሉ፤ ፕሮፔለር አለመኖሩን አንባቢው በድጋሚ ይጠይቅ፤ ከዚያ አርም አድርጋችሁ ትንሽ ጋዝ ስጡ። ያለ ፕሮፔለር ሞተሮቹ ሳትነኳቸው እየፈጠኑ ሊሄዱ ይችላሉ፤ ፍላይት ኮንትሮለሩ ድሮኑን ሊያስተካክል ሞክሮ ምንም ለውጥ ስለማያገኝ ነው እንጂ ብልሽት አይደለም። ሪሞቱን አጥፉ። ድሮኑ «ምልክት ከጠፋ ሞተር አቁም» ተብሎ የተሞላ ከሆነ ሞተሮቹ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ይቆማሉ። ካልቆሙ ባትሪውን ንቀሉና በዚያ ቀን በረራ የለም። ወድቆ የሚሰበር ድሮን ይጠገናል፤ ምልክት ጠፍቶበት ወደ ሰው የሚሄድ ድሮን ግን የክበቡን በረራ ሁሉ ያስቆማል።

አሁን ባትሪው ይነቀል።

ፕሮፔለር መግጠም

ፕሮፔለሩን ከመግጠማችሁ በፊት ጠርዙን በጥፍር ዳብሱት፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ ቀይሩት። መሃሉ አካባቢ፣ ምላሱ ከእምብርቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነጭ መስመር ካለም እንዲሁ። ፕሮፔለር ርካሹ ዕቃ ነው፤ ማጣበቅም ማቃናትም አያዋጣም።

የፕሮፔለሩን ጎን ለመለየት በላዩ በተጻፈው ፊደል ብቻ አትመሩ፤ አምራቾች የተለያየ ምልክት ይጠቀማሉ። ምላሱን ከጎን ስታዩት አንዱ ጠርዝ ከፍ ያለ ነው። ሞተሩ ሲዞር ያ ከፍ ያለው ጠርዝ አየሩን ቀድሞ መምታት አለበት። በወረቀት የለያችሁትን አቅጣጫ ከደብተሩ እያነበባችሁ ከአራቱም ጋር አስተያዩት። ዳዶው በውስጡ የናይለን ቀለበት ያለው ዓይነት ከሆነ መጨረሻው ላይ በቁልፍ ሲጠበቅ ተቃውሞ ሊሰማችሁ ይገባል። በጣት ብቻ እስከ ታች የሚወርድ ዳዶ ናይለኑ አልቋል፤ በአየር ላይ ይፈታል።

እዚህ ላይ ስህተት ቢያልፍ ድሮኑ ሲነሳ የሚያሳየው ምልክት ከምን እንደመጣ ይነግራችኋል። በእያንዳንዱ ሙከራ ወደ ፊት ግራ ብቻ እየተደፋ ከወደቀ የአራተኛው ሞተር ፕሮፔለር ተገልብጦ ወይም በተቃራኒ የሚዞረው ዓይነት ተገጥሞ ነው፤ በዚያ ጥግ ማንሻ ኃይል የለም። አርም ሲሆን ተንቀጥቅጦ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ በኃይል የሚገለበጥ ከሆነ ግን ፕሮፔለሩን ትታችሁ ወደ Motors ገጽ ተመለሱ፤ የሞተሮቹ ቁጥር ተዘበራርቆ ወይም ቦርዱ ዞሮ ፍላይት ኮንትሮለሩ የተሳሳተውን ሞተር እያዘዘ ነው። አንዱ ሞተር ከነፕሮፔለሩ በተቃራኒ ሲዞር ደግሞ ድሮኑ ይነሳል፤ ነገር ግን በራሱ ዙሪያ መሽከርከሩን አያቆምም። ሦስቱን ለይቶ ማወቅ «ጋዝ ጨምርበት» እያሉ ሌላ ፕሮፔለር ከመስበር ያድናል።

ምዕራፍ ሦስት፦ ሜዳው ላይ

ለመብረር ፈቃድ የሚያስፈልግበት ቦታ ከሆነ ይህ ጉዳይ ወደ ሜዳ ከመውጣታችሁ በፊት በክበቡ ኃላፊ ያለቀ መሆን አለበት። ሜዳ ላይ የሚቀረው ጥቂት ነው። ባትሪውን በቀበቶው አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ባትሪውን ይዛችሁ ስትነቀንቁ ድሮኑ አብሮ መነቅነቅ እንጂ ባትሪው መንሸራተት የለበትም። ገና ሳይሰካ ድሮኑን በሁለት ጣት ከመሃሉ ግራና ቀኝ አንሱት፤ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ካዘነበለ ባትሪውን እያንቀሳቀሳችሁ አስተካክሉ።

ከአብራሪውና ከአንባቢው በስተቀር ሁሉም ከአብራሪው ጀርባ ቢያንስ አስር እርምጃ ርቀው ይቁሙ። ድሮኑ ደልዳላ መሬት ላይ፣ ጭራው ወደ አብራሪው ይቀመጥ። ሪሞቱ በርቶ ባትሪው ይሰካ፤ የሰካው ልጅ እጁን በክንዶቹ ላይ አሳልፎ ሳይሆን ከጭራው በኩል ሰክቶ ወደ ኋላ ይመለስ። አብራሪው «አርም!» ብሎ ጮክ ብሎ ሳይናገር ማብሪያውን አይነካም። ማንም አባል፣ ትንሹም ቢሆን፣ «ቁም» ካለ ዲስአርም ይደረጋል፤ ምክንያቱ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው መነሳት ራሱ የፍተሻው አካል ነው። ከአንድ ሜትር ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ለሃያ ሰከንድ ያህል አንዣብቡ፤ ከዚያ ዝቅ ካላችሁ ከመሬት የሚመለሰው አየር ድሮኑን ስለሚያወዛውዘው የምታዩት አያስተማምንም። ስቲኩን ሳትነኩ ወደ አንድ ጎን እየሸሸ ነው? ድምፁ እኩል ነው ወይስ የሚያንቀጠቅጥ ጩኸት አለው? አሳርፋችሁ ዲስአርም አድርጉ፣ ባትሪውን ንቀሉ፣ ከዚያ አራቱን ሞተሮች በጣት ነካ ነካ አድርጉ። ለብ ማለታቸው የተለመደ ነው። አንዱ ከሦስቱ ለይቶ ከጋለ ፕሮፔለሩ ተጣሟል፣ ኩሽኔታው ተበልቷል ወይም ያ ረጅም ብሎን ጥቅሉን ነክቷል፤ ወደ ምዕራፍ አንድ ይመለስ።

ሞተሮቹ እኩል ከሆኑ የአራቱን ሴሎች ንባብ በደብተሩ ላይ ከመነሻው ንባብ አጠገብ ጻፉ። ልዩነቱ ካልሰፋ ባትሪውን መልሳችሁ እሰሩና ምዕራፍ ሦስትን ከመጀመሪያው አንብባችሁ አንሱት።